ስሙ ተሰርዞ ስልኩ ሲቀር

በጥቅምት 2018 የዴንማርክ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ተቆጣጣሪዎች ታክሳ ወደሚባል የኮፐንሃገን የታክሲ ድርጅት ሄዱ። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ሥራ ላይ ከዋለ ገና አምስት ወሩ ነበር። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የኢትዮጵያ አዋጅ ሲነሣ ብቻ በእኛው አቆጣጠር ይሆናል።) ድርጅቱ ሳይዘጋጅ የተያዘ አልነበረም። የደንበኞችን መዝገብ እስከ መቼ እንደሚያቆይ አስቀድሞ ወስኗል። ታክሲ የጠራው ሰው ማን እንደነበረ ከሁለት ዓመት በኋላ ማወቅ አያስፈልገንም፤ ስለዚህ ሁለት ዓመት የሞላውን መዝገብ የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ እናደርጋለን ይል ነበር።

ተቆጣጣሪዎቹ መዝገቡን ሲመለከቱ በሁለት ዓመቱ የሚሰረዘው የደንበኛው ስም ብቻ ሆኖ ተገኘ። የስልክ ቁጥሩ ለተጨማሪ ሦስት ዓመት ይቀመጣል። ከቁጥሩ ጎን ደግሞ ሰውየው የት እንደተሳፈረ፣ የት እንደወረደ፣ በስንት ሰዓት እንደተነሣና እንደደረሰ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደና ስንት እንደከፈለ ሁሉ አለ። እንዲህ ተቀምጠው የተገኙት ጉዞዎች ወደ 8.9 ሚሊዮን ይጠጋሉ።

ድርጅቱ የሰጠው ምክንያት በመረጃ መዝገብ ሥራ ላይ ላለ ሰው ሁሉ የሚገባ ነው። የኮምፒውተር ሥርዓቱ ደንበኛን የሚለየው በስልክ ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ከወጣ ጉዞዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዛቸው ነገር አይኖርም፤ ለስታቲስቲክስና ለአገልግሎት ማሻሻያ ደግሞ ጉዞዎቹ ያስፈልጋሉ አለ። ባለሥልጣኑ ግን ሥርዓቱ ስለማይመች ብቻ የማቆያ ጊዜውን በሦስት ዓመት ማራዘም አይቻልም ሲል መለሰ። በመጋቢት 2019 ጉዳዩን ለፖሊስ አስተላለፈ፤ የ1.2 ሚሊዮን ክሮነር ቅጣትም ሐሳብ አቀረበ። በዴንማርክ ተቆጣጣሪው አካል ራሱ ቅጣት አይጥልም፤ ሐሳብ አቅርቦ ለፖሊስ ይመራል።

ከዚህ ጉዳይ የሚገርመኝ የገንዘቡ መጠን አይደለም። ድርጅቱን ያስያዘው የራሱ ቃል ነው። ሁለት ዓመት የሚለውን ቁጥር ከሕግ አልወሰደውም። የአውሮፓው ደንብ «የትእዛዝ መዝገብ ይህን ያህል ዓመት ይቀመጥ» ብሎ የደነገገው ነገር የለም፤ መረጃውን ለምን እንደያዝከው ተናገር፣ ምክንያቱ ሲያልቅ አስወግድ ነው የሚለው። ድርጅቱ ምክንያቱ በሁለት ዓመት እንደሚያልቅ ራሱ መሰከረ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ አሁንም ያስፈልገኛል ማለት በራስ ላይ መመስከር ሆነበት።

አሁን የአዲስ አበባን የትእዛዝ መዝገብ አስቡት። ምግብ፣ ታክሲ፣ ልብስ፣ የሞባይል ገንዘብ፣ ሁሉም ሰውን የሚያውቀው በስልክ ቁጥሩ ነው። ኢሜይል የሌለው ሰው ብዙ ነው፣ ስልክ የሌለው ግን ዕቃ አያዝዝም። ስለዚህ መዝገብ የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ የስልክ ቁጥሩን የደንበኛው መለያ ያደርገዋል። ለመጻፍ ይቀላል፣ ለመፈለግም ይቀላል፣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብም ይከላከላል። ችግሩ የሚታየው «ይሰረዝልኝ» የሚል ሰው በመጣ ቀን ነው። ቁጥሩ በእያንዳንዱ ትእዛዝ፣ በእያንዳንዱ ክፍያ፣ በእያንዳንዱ የመላኪያ ወረቀት ላይ እንደ ስፌት ክር ተሰፍቷል፤ ክሩን ከጎተቱት ልብሱ ይፈታል። የታክሳ ድርጅት የገጠመው ይኸው ነበር።

ጉዳዩ የውጭ አገር ወሬ ብቻም አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በኢትዮጵያም ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ በላይ እንዳይቆይ የሚለው መርሕም፣ የመረጃው ባለቤት እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብቱም በአዋጁ ውስጥ አሉ። የታክሳን ጉዳይ የመረጥሁት በተቆጣጣሪው ተመርምሮ ለሕዝብ የወጣ ስለሆነ ነው። የመዝገቡ አሠራር ግን የእኛው ነው።

አንድ የትእዛዝ መዝገብ ሲታይ አንድ ነገር ይመስላል። በውስጡ ግን በተለያየ ጊዜ የሚያልቁ ብዙ ነገሮች አሉ፤ የስረዛ ጉዳይ የሚወሳሰበውም እዚህ ላይ ነው። ዴንማርክ ውስጥ የቡና ዕቃ በኢንተርኔት የምትሸጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት አለች እንበል። ሱቋ ሲኒ፣ ረከቦት፣ ጀበና፣ ጥሬ ቡና፣ በርበሬና ሽሮ ይሸጣል። በየካቲት 3 ቀን 2021 አንዲት ደንበኛ አንድ ረከቦት ከስድስት ሲኒ ጋር፣ ሁለት ኪሎ ጥሬ ቡናና አንድ ኪሎ የጾም ሽሮ አዘዘች። በመዝገቡ ላይ ስሟ፣ ስልኳ፣ አድራሻዋ፣ ያዘዘችው ዕቃ፣ የከፈለችው ገንዘብ፣ በመጨረሻም ለዕቃ አድራሹ የጻፈችው ማስታወሻ ሰፈረ፦ «የመግቢያውን በር ቁጥር 4471 ብለው ይክፈቱ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ቤት ሰው የለም።»

ማስታወሻው ዕቃው በደረሰ ሰዓት ሥራውን ጨርሷል። የበር ቁጥርና ቤቱ ባዶ የሚሆንበት ሰዓት ለአንድ ከሰዓት በኋላ የተሰጠ ቃል እንጂ ለአራት ዓመት የሚቀመጥ ቅርስ አይደለም። የስልክ ቁጥሩና የመላኪያ አድራሻው ትንሽ ይቆያሉ፤ ሲኒው ተሰብሮ ቢደርስ መነጋገሪያ ያስፈልጋል። ለሸማች በተሸጠ ዕቃ ላይ የሚነሣ የጉድለት አቤቱታ በአውሮፓ ኅብረት ቢያንስ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ይቀርባል፤ ስለዚህ እስከ የካቲት 2023 ማን ምን እንደገዛ ማወቅ ምክንያት አለው። ደረሰኙ ከሁሉም ይረዝማል። የዴንማርክ የሂሳብ አያያዝ ሕግ የሂሳብ ሰነድ ከበጀት ዓመቱ ማብቂያ ጀምሮ አምስት ዓመት እንዲቀመጥ ያዝዛል። የሱቋ በጀት ዓመት በታኅሣሥ ስለሚያልቅ፣ የየካቲት 2021 ደረሰኝ እስከ ታኅሣሥ 31 ቀን 2026 ድረስ መቀመጥ አለበት። ቆጠራው ከግዢው ቀን አይጀምርም፤ ይህን የሚስት ሰው ብዙ ነው፣ ጊዜው ሳይደርስ አንድ ዓመት ገደማ ቀድሞ ሰነድ የሚያቃጥል ነጋዴም አይጠፋም።

ስለዚህ አንዱ ረድፍ ቢያንስ ሦስት የማለቂያ ቀኖች አሉት። ባለሱቋ «ሁሉንም አምስት ዓመት ላቆየው» ብትል የበሩን ቁጥር ያለ ምክንያት አምስት ዓመት ያዘች ማለት ነው። «ሁሉንም አሁኑኑ ላጥፋው» ብትል ደግሞ የሂሳብ ሕጉን ትጥሳለች። መፍትሔው እያንዳንዱን ዓምድ ከነምክንያቱ መጻፍ ነው፦ ይህ ዓምድ ለምን ተያዘ፣ ምክንያቱ መቼ ያልቃል፣ ያን ቀን ማን ወይም ምን ያጠፋዋል። ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቀኑን የጻፈ ሁሉ አጥፊውን አልቀጠረም፤ በየወሩ ራሱን የሚያስነሣ ፕሮግራም ወይም በቀን መቁጠሪያ ላይ የተጻፈ የአንድ ሠራተኛ ኃላፊነት ከሌለ የማቆያ ጊዜው በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ወደ ማስታወሻው ልመለስ፣ ከመዝገቡ ሁሉ አደገኛው እርሱ ነውና። ስምና ስልክ የተወሰነ ቦታ አላቸው፤ ማስታወሻ ግን ሰው የፈለገውን የሚጽፍበት ባዶ ሣጥን ነው። «የጾም ይሁንልኝ» ወይም «ሥጋው የእስላም ይሁን» የሚል ትእዛዝ የሰውየውን ሃይማኖት ይናገራል፤ ሃይማኖትን የሚገልጽ መረጃ በአውሮፓው ደንብ ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መካከል ነው። «እናቴ ከሆስፒታል ስለወጡ ጨው አይብዛበት» የሚለው ጤናን ይናገራል። ማንም ይህን ሊሰበስብ አስቦ አልሰበሰበውም፤ ሣጥኑ ስለነበረ ተጻፈ።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይብሳል። የዴንማርኩ ደንበኛ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይሰጣል። እዚህ ግን አድራሻ ታሪክ ነው፦ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ኮብልስቶን ግቡ፤ ሁለተኛው ሰማያዊ በር፤ ጥበቃውን የመምህሯ ቤት ብለው ይጠይቁ።» ከዚህ መዝገብ ላይ ስሙንም ስልኩንም አጥፉ። የቀረው ጽሑፍ ምንም የማያውቅ ሰው ከደጃፍ ያደርሳል፣ ጥበቃው ደግሞ ስሙን ይነግረዋል። ስለዚህ በእኛ አገር ስረዛ ከስልክ ቁጥሩ እኩል የአቅጣጫ ጽሑፉን መያዝ አለበት። በፕሮግራም ውስጥ ስምና ስልክን ብቻ የሚያጠፋ «የስረዛ» ቁልፍ ካለ ሥራው ግማሽ ነው።

አሁን ቁጥሩን ከክሩ እንዴት እንደምናወጣው እንይ። ዘዴው የመጣው ከድሮ የሂሳብ መዝገብ ነው ማለት ይቻላል፤ ባለሱቁ ለእያንዳንዱ ዱቤ ወሳጅ አንድ ገጽ ይሰጠውና በሌላው ሁሉ ቦታ የገጹን ቁጥር ብቻ ይጽፋል። በኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ደንበኛዋ ስትመዘገብ ምንም ትርጉም የሌለው የውስጥ ቁጥር ይሰጣታል፣ 20417 እንበል። ስሟና ስልኳ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ በአንድ ረድፍ ብቻ ይኖራሉ። ትእዛዞቿ፣ ክፍያዎቿና መላኪያዎቿ የሚይዙት 20417ን ነው። የስረዛው ቀን ሲደርስ የሚነካው ጥቂት ነው፦

```
UPDATE customers
SET name = NULL, phone = NULL
WHERE customer_id = 20417;

UPDATE orders
SET address = NULL, note = NULL
WHERE customer_id = 20417;
```

ትእዛዞቹ አልጠፉም። ባለሱቋ በየካቲት ወር ስንት ረከቦት እንደተሸጠ አሁንም መቁጠር ትችላለች፤ የታክሳ ድርጅት ይጠፋብኛል ብሎ የፈራው ስታቲስቲክስ ይህ ነበር። ነገር ግን አንድ ማሰሪያ ገና አለ፦ የትእዛዙ ቁጥር በደረሰኙ ላይ ታትሟል፣ ደረሰኙ ላይ ደግሞ ስሟ አለ። ደረሰኙ እስካለ ድረስ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ደንበኛዋን ያገኛታል። ስለዚህ መዝገቡ የመጨረሻው ደረሰኝ እስኪጠፋ ድረስ «ማንነት አልባ» ሊባል አይችልም፤ ማንነቱ የተሸፈነ ነው ቢባል ይሻላል። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የተሸፈነ መረጃ አሁንም የግል መረጃ ነው፣ ሕጉም አሁንም ይገዛዋል።

በዚህ ቦታ ላይ አንዳንድ ባለሙያዎች አቋራጭ ይወዳሉ። ቁጥሩን አናጥፋው፣ እንሰውረው ይላሉ። ሃሽ የሚባል ስሌት አለ፤ የስልክ ቁጥር ሲሰጡት ትርጉም የለሽ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ይመልሳል፣ ከሰንሰለቱ ወደ ቁጥሩ ግን ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። ያው ቁጥር ሁልጊዜ ያንኑ ሰንሰለት ስለሚሰጥ የደንበኛውን ትእዛዞች ማያያዝም ይቻላል። ሲሰሙት ሁለቱንም ያስታረቀ ይመስላል።

ይህም በታክሲ መዝገብ ላይ ተፈትኗል። በ2014 የኒው ዮርክ ከተማ የታክሲ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የ2013ን ጉዞዎች፣ ከ170 ሚሊዮን በላይ፣ መረጃ ለጠየቀ አንድ ሰው ሰጠ። የታክሲዎቹና የሾፌሮቹ መለያ ቁጥሮች በሃሽ ተሰውረው ነበር። አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ለመመለስ አልሞከረም፤ ወደ ፊት ሄደ። የኒው ዮርክ የታክሲ ቁጥር የታወቀ ቅርጽ አለው፤ ሊኖሩ የሚችሉት ቁጥሮች በሙሉ ሃያ ጥቂት ሚሊዮን ብቻ ናቸው። ሁሉንም አንድ በአንድ ወደ ሃሽ ለወጣቸውና ዝርዝር አወጣ። ከዚያ የሚቀረው እንደ መዝገበ ቃላት ማመሳከር ነበር፤ ቀኑ ሳያልቅ መዝገቡ ተፈታ።

የኢትዮጵያ የሞባይል ቁጥርም ቅርጹ የታወቀ ነው። ከ251 በኋላ 9 ወይም 7፣ ከዚያ ስምንት አኃዝ። ሁሉም ተደምረው 200 ሚሊዮን ናቸው፤ አንድ ተራ ላፕቶፕ በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉንም ለውጦ ይጨርሳል። የዴንማርክ ቁጥር ስምንት አኃዝ ስለሆነ 100 ሚሊዮን አይሞላም። በስሌቱ ላይ ምሥጢራዊ ቁልፍ መጨመር ይረዳል፣ ግን ቁልፉን የያዘ ሰው ሁሉንም መክፈት ስለሚችል ይህም መሸፈን እንጂ ማጥፋት አይደለም። «ቁጥሩን ሃሽ አድርገነዋል፣ ስለዚህ ሰርዘነዋል» የሚል መልስ ካገኛችሁ አልተሰረዘም።

ወደ ሱቋ እንመለስ። በመጋቢት 10 ቀን 2025 ደንበኛዋ አጭር መልእክት ላከች፦ «ስለ እኔ የያዛችሁትን ሁሉ አጥፉልኝ።» ምክንያት አልሰጠችም፤ እንድትሰጥም አትገደድም። ከዚህ ቀን ጀምሮ ባለሱቋ በአንድ ወር ውስጥ መልስ መስጠት አለባት። ጉዳዩ የተወሳሰበ ከሆነ በሁለት ወር ማራዘም ይቻላል፤ መራዘሙንና ምክንያቱን ግን በመጀመሪያው ወር ውስጥ ማሳወቅ ግድ ነው። ስድስት ትእዛዝ ያላት አንዲት ደንበኛ ውስብስብ ጉዳይ አትባልም።

መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ይህች ሴት በእርግጥ እርሷ ናት ወይ የሚለው ነው። ብዙ ድርጅት እዚህ ላይ የፓስፖርት ቅጂ ላኪ ይላል፤ መረጃዬን አጥፉ ያለችን ሴት ከዚህ በፊት ያልሰጠችውን የባሰ መረጃ መጠየቅ ማለት ነው። ሱቁ የፓስፖርት ቁጥሯን አያውቅም፤ ቅጂው ቢመጣ ከምን ጋር ሊያመሳክረው ነው? በሌላ በኩል ከተመዘገበው ስልክ መደወሏም ብቻውን አይበቃም። የቴሌኮም ድርጅቶች ለረጅም ጊዜ ያልሠራን ቁጥር መልሰው ለሌላ ሰው ይሰጣሉ። የ2021 ደንበኛ ስልክ በ2025 በማታውቀው ሰው ኪስ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ «ስለ እኔ ያላችሁን ላኩልኝ» ብሎ ቢጠይቅ የሌላ ሰው አድራሻ ይደርሰዋል። ለዚህ የሚበቃው በመዝገቡ ውስጥ ያለና ደንበኛዋ ብቻ የምታውቀው ነገር ነው። «ባለፈው ካዘዙት አንዱን ዕቃና በግምት መቼ እንደሆነ ይንገሩን» ይበቃል። ረከቦትና ሲኒ አለች፣ የካቲት አካባቢ ነበር አለች፤ ሆነ።

ቀጥሎ ፍለጋው ነው። አስቸጋሪው ስረዛው አይደለም፣ መረጃው የት የት እንደተበተነ ማወቁ ነው። የሱቁ የመረጃ ቋት ቀላሉ ክፍል ነበር። ከዚያ በ2022 ለገና ቅናሽ ማስታወቂያ ተብሎ የወጣ የኤክሴል ዝርዝር በባለሱቋ ላፕቶፕ ላይ ተገኘ፤ የስልክ መልእክቶቹ ከዕቃዎቹ ፎቶግራፍ ጋር አሉ፤ ዕቃ አድራሹ ድርጅት የራሱ መዝገብ አለው፤ አንድ ጊዜ ያደረሰላት ዘመድ ቁጥሯን በስልኩ ላይ «የረከቦቷ» ብሎ መዝግቧታል። ለዚህ የመጨረሻው ሕግ ያወጣለት ሰው ያለ አይመስለኝም፣ ግን እውነተኛው መፍሰሻ እርሱ ነው። ለአንድ ዕቃ አድራሽ ቁጥሬን ሰጥቼ ከስድስት ወር በኋላ የእንኳን አደረሰዎ መልእክት ከነማስታወቂያው ደርሶኝ ያውቃል። ስለዚህ ጥንቁቅ ድርጅቶች የደንበኛውን ቁጥር ለአድራሹ አያሳዩም፤ በድርጅቱ መስመር በኩል ያገናኙታል፣ ዕቃው እንደደረሰም መስመሩ ይዘጋል። ትንሽ ሱቅ ይህን ባይችል እንኳ የመላኪያ ወረቀቱን በዕለቱ መቅደድ ይችላል።

መረጃውን ለሌላ ድርጅት ያስተላለፈ፣ እንዲሰረዝ ለዚያ ድርጅት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ባለሱቋ ለዕቃ አድራሹ ድርጅት ጻፈች። ኤክሴሉን አጠፋች፤ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አደረገች፣ ይህ ትንሽ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል።

መጠባበቂያ ቅጂው ሌላ ጣጣ ነው። ሱቁ በየምሽቱ የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ ቅጂ ለ30 ቀን ይቆይና በአዲስ ይተካል። ከታሸገ ቅጂ ውስጥ አንድን ሰው ነቅሶ ማውጣት ቅጂውን ሊያበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ የተለመደው አሠራር ቅጂው በራሱ ዑደት እስኪጠፋ መጠበቅና እስከዚያ ማንም እንዳይጠቀምበት መቆለፍ ነው፣ ለደንበኛዋም ይህን መንገር። አደጋው በመካከል ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ከሳምንት በፊት የተቀመጠ ቅጂ መልሰው ሲጭኑት ነው። ከዚያ ወዲህ ተሰርዘው የነበሩት ሰዎች ሁሉ ሳይታሰብ ይመለሳሉ። ስለዚህ የተሰረዙት የውስጥ ቁጥሮች ብቻ የተጻፉበት ትንሽ ዝርዝር ከመጠባበቂያው ውጭ ይቀመጣል፤ ቅጂ በተጫነ ቁጥር ዝርዝሩ ይታይና ስረዛው ይደገማል። 20417 የሚል ቁጥር ብቻውን ማንንም አይገልጽም፤ ስልክ ቁጥር መለያ ቢሆን ኖሮ ግን የተሰረዙ ሰዎች ዝርዝር ራሱ የስልክ ማውጫ ይሆን ነበር።

የቀረው ደረሰኙ ነው። እዚህ ላይ ባለሱቋ እምቢ ማለት አለባት፤ መብቱ የሕግ ግዴታ ባለበት ይቆማል። እምቢታው ግን በትክክል የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መሆን ይገባዋል። ደረሰኙ ስምና የክፍያ አድራሻ ይዟል፤ ስልክና የበር ቁጥር የለበትም፣ ስለዚህ ደረሰኙን ማቆየት ስልኩን ለማቆየት ሰበብ አይሆንም። ደረሰኞቹ ከሱቁ ሥራ ወጥተው የሂሳብ ሠራተኛው ብቻ ወደሚከፍተው ማኅደር ገቡ። የደንበኛዋ መልስ እንዲህ ተጻፈ፦

«ውድ ደንበኛችን፣ መጋቢት 10 የላኩልን ጥያቄ ደርሶናል። ስምዎ፣ ስልክዎ፣ የመላኪያ አድራሻዎና ማስታወሻዎችዎ ከትእዛዝ መዝገባችን ተሰርዘዋል፤ ዕቃ አድራሹም እንዲሰርዝ ነግረነዋል። በመጠባበቂያ ቅጂ ውስጥ ያለው እስከ 30 ቀን ድረስ በራሱ ይጠፋል። ስድስት ደረሰኞችዎን ግን የዴንማርክ የሂሳብ አያያዝ ሕግ ስለሚያስገድደን አልሰረዝንም። የመጀመሪያው በ2026 መጨረሻ፣ የመጨረሻው በ2028 መጨረሻ ላይ ይጠፋል። እስከዚያ ለሂሳብ ሥራ ካልሆነ አንከፍታቸውም። በመልሳችን ካልተስማሙ ለመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣኑ አቤት ማለት ይችላሉ።»

ይህን መልስ የተቀበለች ሰው የቀረውን፣ ለምን እንደቀረና መቼ እንደሚጠፋ ታውቃለች። «መረጃዎ ተሰርዟል» የሚለው አንድ መስመር ግን ውሸት ይሆን ነበር፤ ከዓመት በኋላ ደረሰኟ ከአንድ የጠፋ ላፕቶፕ ላይ ቢገኝ ውሸቱ ይጋለጣል። የግል መረጃ እንዲህ ሲያፈተልክ አደጋ የሚያስከትል ከሆነ ድርጅቱ ባወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ አለበት፤ ያን ጊዜ ምን እንደነበረውና ምን እንደሰረዘ በጽሑፍ የያዘ ድርጅት ብቻ ነው መልስ የሚኖረው።

ስረዛው መሠራቱን ባለሱቋ ከወር በኋላ በራሷ ፈተነች። የደንበኛዋን ቁጥር ከመልእክቱ ላይ ለአንድ ጊዜ ወስዳ የመጨረሻዎቹን ስድስት አኃዝ በሁሉም ቦታ ፈለገች። ሙሉውን ቁጥር ብትፈልግ የሚያመልጣት ነበር፤ አንዱ ቦታ በ0045፣ ሌላው በ+45፣ ሦስተኛው ያለ አገር መለያ ይጽፈዋልና። የእኛም ቁጥር በ09፣ በ+251 እና በ2519 እንደሚጻፍ ሁሉ ማለት ነው። በመዝገቡ ምንም አልተገኘም። በኢሜይል ሣጥኗ ውስጥ ግን አንድ ወጣ፦ ሱቁ ትእዛዝ በመጣ ቁጥር ለባለሱቋ ራሷ የሚልከው የማሳወቂያ ኢሜይል፣ ከነስሙ፣ ከነስልኩ፣ ከነበሩ ቁጥር 4471። ከ2021 ጀምሮ የገባ ትእዛዝ ሁሉ በዚያ ሣጥን ውስጥ ተኝቷል።

ያን ምሽት ስድስቱን ኢሜይሎች አጥፍታ፣ ማሳወቂያው ከእንግዲህ የትእዛዙን ቁጥር ብቻ እንዲይዝ አደረገች። የቀሩትን የአራት ዓመት ኢሜይሎች ማጽዳት ሁለት ቅዳሜ ፈጀባት።